የድሮ የፌስቡክ ፖስቶችን በጅምላ ማጥፋት፦ ያለ ሌላ ሰው መሣሪያ

የአጎቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመንዝ ባና ይሸጣል። ሱቁ ጠባብ ናት። ብዙዎቹ ደንበኞቹ የሚያገኙት በፌስቡክ ነው። ለንግዱ ብሎ የከፈተው የተለየ ገጽ የለም። ሞላሌ ተማሪ እያለ በ2004 ዓ.ም. የከፈተው የግል ፕሮፋይል ነው እስከ ዛሬ የሚሠራበት።

በቅርቡ አንዲት የአዲስ አበባ ደንበኛ የባናዎቹን ፎቶ እያየች ወደ ታች ወረደች። ስትወርድ ስትወርድ የ10ኛ ክፍል የውጤት ወረቀቱ ላይ ደረሰች። ሙሉ ስሙ ከነአያቱ፣ የፈተና ቁጥሩ፣ ጉርድ ፎቶው ሁሉ አለ። ከሥሩ ከክፍል ጓደኛው ጋር የተሰዳደበው ኮሜንት ተደርድሯል። ትንሽ ዝቅ ሲል ደግሞ «ይህን ለ10 ሰው ሼር ያላደረገ» የሚሉት ዓይነት ፖስቶች ናቸው። ልጅቷ በጨዋነት «ይሄ አንተ ነህ?» ብላ ጠየቀችው።

ያን ቀን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረ። ሦስቱን ነጥብ ይጫናል፣ ማጥፊያውን ይመርጣል፣ ያረጋግጣል፣ ኔትወርኩን ይጠብቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የሰባት ዓመት ፖስት እንዲህ አያልቅም። ሰለቸው። አንድ የሚያውቀው የሞባይል ጥገና ባለሙያ «ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነገር አለ፣ በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ያጠፋልሃል» አለው። እሺ ከማለቱ በፊት ደወለልኝ።

የነገርኩት ይህን ነው። በጅምላ ማጥፊያው ፌስቡክ ራሱ ውስጥ አለ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሠርቷል። የውጭ መሣሪያ ግን ፖስቶችህን ለማጥፋት መጀመሪያ አካውንትህን መያዝ አለበት። እንዴት እንደሚያዝ ከታች እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሥራው ይሠራ።

ከማጥፋት በፊት፦ ማጥፋት፣ መደበቅ ወይስ መገደብ?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መገደብ ነው። በፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ «Limit who can see past posts» የሚል ቦታ አለ። እሱን ስትጫኑ ለሁሉም ሰው ክፍት የነበሩትና ለጓደኛ ጓደኞች የሚታዩት የድሮ ፖስቶቻችሁ በሙሉ ለጓደኞቻችሁ ብቻ የሚታዩ ይሆናሉ። ምንም አይጠፋም። አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚያልቅ ስለሆነ ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ላላችሁ በጣም ይመቻል። ችግሩ አንድ ነው። ከተጫነ በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ነበሩበት መመለስ አይቻልም። እያንዳንዱን ፖስት እየከፈቱ መቀየር ነው።

ለአጎቴ ልጅ ይሄ አልሆነም። የባናዎቹ ፎቶዎችም የድሮ ፖስቶች ናቸው። ያን ቢጫን እነሱም ከማያውቁት ገዢዎች ይደበቁበታል። ለንግድ የማትጠቀሙበት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጨርሱት። ለብዙ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ሁለተኛው «Archive» ነው። ፖስቱ ከሌላው ሰው ሁሉ ይሰወርና ለእናንተ ብቻ ይቀመጣል። በፈለጋችሁ ጊዜ ትመልሱታላችሁ። የጊዜ ገደብ የለውም። የአባቱ ተዝካር ፎቶዎች፣ የእህቱ ሠርግ፣ ከጓደኞቹ ጋር የጥምቀት ዕለት የተነሳው እዚህ ነው የገቡት። ማንም እንዲያያቸው አይፈልግም፣ እንዲጠፉበትም አይፈልግም።

ሦስተኛው «Trash» ነው። ፖስቱ ወዲያው ከፕሮፋይሉ ይነሳል፤ ግን ለ30 ቀን በመጣያው ውስጥ ይቆያል። በእነዚህ 30 ቀናት ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው ይጠፋል። የውጤት ወረቀቱ፣ ስድቡና የድሮ ስልክ ቁጥሩ ያለባቸው ፖስቶች ወደዚህ ናቸው።

ስልቱ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የሚቀመጡትን ለይቶ ወደ «Archive» ማስገባት፣ ከዚያ የቀረውን በጅምላ ወደ «Trash» መጣል። ወደ «Archive» የገባ ፖስት ከዋናው ዝርዝር ስለሚወጣ በኋላ ሁሉንም ስትመርጡ አብሮ አይጠረግም። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ግን የአባታችሁን ፎቶ ከመቶ ስድብና ቀልድ መካከል ከመጣያው ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ቅጂ ማውረድ

ከመንካታችሁ በፊት የፖስቶቻችሁን ቅጂ አውርዱ። በሴቲንግ ውስጥ «Accounts Center» ግቡ፣ «Your information and permissions» የሚለውን ክፈቱ፣ ከዚያ መረጃችሁን የምታወርዱበትን ምረጡ። ስሙ «Download your information» ወይም «Export your information» ተብሎ ይታያችኋል።

ሁሉንም ነገር አትጠይቁ። የመልእክት ልውውጡ ሁሉ ከመጣ ፋይሉ በጣም ይከብዳል፣ ፓኬጃችሁም ያልቃል። ፖስቶችን ብቻ ምረጡ። ቀኑን ወስኑ። የፎቶውን ጥራት ደግሞ መካከለኛ አድርጉት። ፋይሉ ወዲያው አይመጣም። ሲዘጋጅ ፌስቡክ ያሳውቃችኋል። ማውረጃው ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ቶሎ አውርዱት።

እዚህ ላይ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ፌስቡክ ፋይሉን በምን ዓይነት ትፈልጋለህ ብሎ ሲጠይቅ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፤ «HTML» እና «JSON»። «HTML» ምረጡ። ሁለተኛው ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የተሠራ ነው። ከዚያም በላይ የእኛን ፊደል ያበላሻል። አንድ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው በሦስት ባይት ነው። ፌስቡክ ያን ፋይል ሲያዘጋጅ ሦስቱን ባይት ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ «ሰላም» ብላችሁ የጻፋችሁት እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

```
\u00e1\u0088\u00b0\u00e1\u0088\u008b\u00e1\u0088\u009d
```

በፕሮግራም ሊስተካከል ይችላል፤ ተራ ተጠቃሚ ግን ይህን ሲያይ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። «HTML» ከሆነ በብሮውዘር ይከፈታል፣ አማርኛውም በትክክል ይነበባል።

ይህን ሥራ በኢንተርኔት ቤት ወይም በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር አትሥሩ። የወረደው ፋይል የሕይወታችሁ ማኅደር ነው፤ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ቀርቶ ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ይከፍተዋል። በራሳችሁ ስልክ ላይ ይውረድ፣ ከዚያ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሜሞሪ ካርድ ይገልበጥ።

በጅምላ ማጥፋቱ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። በስልኩ የፌስቡክ አፕ እንሂድ።

ፕሮፋይላችሁን ክፈቱ። ከስማችሁ ሥር «Edit profile» ከሚለው አጠገብ ሦስት ነጥብ አለ። እሱን ተጫኑና «Activity log» ግቡ። እዚያ ያደረጋችሁት ነገር ሁሉ በየዓይነቱ ተከፋፍሎ ይታያል። ፖስቶች የሚለውን ከፍታችሁ «Your posts, photos and videos» ላይ ግቡ። የቃላቱ አቀማመጥ እንደ አፑ ዕድሜ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ቦታው ግን ያው ነው። አፑ ካረጀ መጀመሪያ አድሱት።

ዝርዝሩ ሲከፈት ከእያንዳንዱ ፖስት ጎን መምረጫ ሳጥን ታያላችሁ። ከላይ «All» የሚል አለ፤ «Filters» የሚልም አለ። ወደ «All» አትቸኩሉ። መጀመሪያ «Filters» ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን ወስኑ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፌስቡክ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ ማጥፋት የፈለገው ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. የጻፈውን ነው። ንግዱን የጀመረው በ2011 ነው። በጭንቅላቱ ያለው 2010 ነውና ማጣሪያው ላይ 2010ን ቢመርጥ ምንም አያገኝም፤ ያኔ ፌስቡክ አልነበረውም። ስምንት ዓመት ደምሮ 2018ን በሙሉ ቢመርጥ ደግሞ ከመስከረም 2011 ጀምሮ የለጠፋቸው የመጀመሪያዎቹ የባና ፎቶዎች አብረው ይጠረጋሉ።

ስለዚህ ቀኑ በትክክል መቀየር አለበት። መስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም. በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2011 ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2018 ነው። የእሱ መነሻና መድረሻ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የእናንተን ለማስላት ይህን ያዙ፦ አዲስ ዓመታችን የሚብተው ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ብቻ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። የ2004፣ የ2008፣ የ2012 እና የ2016 መስከረም 1 እንዲህ ናቸው።

ሰባቱን ዓመት በአንድ ጊዜ አትያዙ። ዓመት በዓመት ውሰዱት። ምክንያት አለኝ። «All» ስትጫኑ የሚመረጠው በስክሪኑ ላይ እስካሁን የመጣው ነው። ዝርዝሩ ረጅም ሲሆን ፌስቡክ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያመጣው። ወደ ታች ካልወረዳችሁ የቀረው አይመረጥም። በአንድ ዓመት ከወሰናችሁት እስከ መጨረሻው መውረድ ቀላል ነው። ምን እንደምታጠፉም በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የ2006 ዓ.ም.ን እንዴት እንደሠራነው ላሳያችሁ። ማጣሪያው ላይ መነሻውን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2013፣ መድረሻውን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2014 አደረግን። ዝርዝሩን እስከ ታች ወረድን። በመጀመሪያው ዙር የሚቀመጡትን ብቻ መረጥን፤ የተዝካሩን ፎቶዎችና ሁለት የቤተሰብ ምስሎች። «Archive» ተጫንን። ዝርዝሩ ሲታደስ እነሱ የሉም። በሁለተኛው ዙር እንደገና እስከ ታች ወረድንና «All» ተጫንን። ከ«Trash» በፊት አንዴ ከላይ እስከ ታች አየናቸው። አንድ ያመለጠን ነበር፤ የሞተ ጓደኛው ፎቶ። ምልክቱን አነሳንለት። ከዚያ «Trash»፣ አረጋግጥ፣ አለቀ።

መሃል ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥ አትደንግጡ። ትእዛዙ ፌስቡክ ጋ ከደረሰ ሥራው እዚያ ይቀጥላል፤ ካልደረሰ ፖስቶቹ እንዳሉ ናቸው። አፑን ዘግታችሁ ክፈቱና ያንኑ ቀን አጣሩ። የቀረ ካለ ይታያችኋል። ወደ መንዝ በኩል ያላችሁ ሰዎች ሌሊት ወይም ማለዳ ብትሠሩት ይሻላል። ቀን ላይ ዝርዝሩ እየቆመ ያስመርራል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ እዚያው «Activity log» ውስጥ «Trash»ን ክፈቱ። የጣላችሁት ሁሉ ከቀረው ቀን ጋር ይታያል። እንደ ውጤት ወረቀቱ ያለ የግል መረጃ የያዘ ነገር 30 ቀን ማስቆየት አያስፈልግም። እሱን መርጣችሁ እዚያው ለዘለቄታው አጥፉት። ሌላው ይቆይ። ከሳምንት በኋላ «ያቺን ፎቶ ምነው» የምትሉት ነገር አይጠፋም።

በዚህ መንገድ የማይወጡት

ፕሮፋይሉ ጸዳ ማለት ያላችሁ ነገር ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

በሌሎች ሰዎች ፖስት ሥር የጻፋችሁት ኮሜንት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚያው «Activity log» ውስጥ ለብቻው «Comments» የሚል ክፍል አለ። እዚያም ቀን አጣርቶ በጅምላ መምረጥ ይቻላል። ነገር ግን ኮሜንት መጣያ የለውም። ከጠፋ ወዲያው ጠፋ፣ አይመለስም። ላይክም እንደዚያው። ስለዚህ እዚህ ላይ እጃችሁ ይርጋ።

በግሩፕ ውስጥ የለጠፋችሁትም የራሱ ክፍል አለው። ከግሩፑ ከወጣችሁ ማጥፋቱ አስቸጋሪ ስለሚሆን ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ አጥፉ፣ ከዚያ ውጡ።

ሌላ ሰው ለጥፎ እናንተን ታግ ያደረገው የእናንተ አይደለም። ታጉን ማንሳት ብቻ ነው የምትችሉት። ፎቶው በእሱ ገጽ ይቀራል። የአጎቴ ልጅ ለሁለት የድሮ የክፍል ጓደኞቹ ደውሎ «ባክህ ያቺን አውርዳት» አላቸው። አንዱ ያን ፎቶ መለጠፉን እንኳ ረስቶታል። ስቀው አወረዱለት። ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ሰዎች የእናንተን ፖስት ሼር አድርገውት ከሆነ ዋናው ሲጠፋ በሼሩም ላይ አይታይም። ጽሑፉን ቀድተው በራሳቸው ስም ከለጠፉት ወይም ስክሪንሾት ካነሱት ግን አይነካም።

ስለ «ጠራርጎ አጥፊ» መሣሪያዎች

አሁን ወደዚያ የጥገና ባለሙያ ሐሳብ ልመለስ። ሰውየው በክፋት አልነበረም ያለው። ግን እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ፌስቡክ ሌሎች ፕሮግራሞች ከእሱ ጋር የሚነጋገሩበት ይፋዊ በር አለው። በዚያ በር የገባ ፕሮግራም ራሱ ያልለጠፈውን የግል ፖስት ማጥፋት አይፈቀድለትም። በግል ፕሮፋይል ላይ በፕሮግራም መለጠፉን ራሱን በ2018 እ.ኤ.አ. ዘግተውታል። ስለዚህ «የፌስቡክ ፖስትህን በሙሉ አጠፋልሃለሁ» የሚል መሣሪያ በይፋዊው በር የሚገባበት መንገድ የለውም። የቀሩት መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ወይ ፓስወርዳችሁን ይቀበላል፣ ወይ እናንተ በገባችሁበት ብሮውዘር ላይ ተቀምጦ በእናንተ ስም ይጫናል።

ብዙዎቹ የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ክሮም ብሮውዘር ላይ ተጭኖ አብሮት የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ ማለትም የክሮም ኤክስቴንሽን ሆነው ይመጣሉ። ስትጭኑት ክሮም አንድ ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል፤ «Read and change all your data» የሚል። በምትጎበኙት ገጽ ላይ ያላችሁን መረጃ ሁሉ ያነባል፣ ይቀይራልም ማለት ነው። ኤክስቴንሽኑ ቁልፍ ለመጫን ይህ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ግን በዚሁ ፈቃድ የመልእክት ሳጥናችሁን ማንበብ፣ በስማችሁ መለጠፍ፣ የምታስተዳድሩትን ገጽ መንካት ሁሉ ይችላል። ማጥፋቱን ብቻ ፈቅዶ ሌላውን መከልከል አይቻልም።

ከዚህም የሚከፋው ኩኪው ነው። ፌስቡክ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ በየጊዜው ፓስወርድ የማይጠይቃችሁ ብሮውዘሩ ውስጥ ያስቀመጠው ኩኪ ስላለ ነው። ያን ኩኪ የወሰደ ሰው የቤታችሁን ቁልፍ ቀርጾ እንደ ወሰደ ነው፤ ማንኳኳት አያስፈልገውም። ፓስወርድ አይጠየቅም። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ኮድም አይጠየቅም፤ ምክንያቱም ፌስቡክ የሚያየው ቀድሞ የገባውን ሰው ነው። ለዚህ ነው «ባለሁለት ደረጃ መግቢያ አብርቻለሁ፣ ምን ይሆነኛል» የሚለው የማያዋጣው።

«ብዙ ሰው ጭኖታል፣ ኮከብም አለው» ትሉ ይሆናል። ኤክስቴንሽን ዛሬ ጥሩ ሆኖ ነገ ሊለወጥ ይችላል። ክሮም ሳይጠይቃችሁ ራሱ ያድሰዋል። በዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. የሆነውን ልንገራችሁ። ሳይበርሄቨን የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው ራሱ የኩባንያዎችን መረጃ መጠበቅ ነው። የክሮም ኤክስቴንሽኑን ወደ 400,000 ሰው ይጠቀምበት ነበር። አንድ ሠራተኛው በሐሰተኛ ኢሜይል ተታለለ። አጥቂዎቹ በዚያ በኩል ገብተው የተበከለ እድሳት ለቀቁ። ተጠቃሚዎቹ ምንም አልነኩም፤ እድሳቱ ራሱ መጣላቸው። የሰበሰበው ደግሞ በተለይ የፌስቡክ ማስታወቂያ አካውንቶችን መረጃ ነበር። ይህ በመረጃ ጥበቃ ድርጅት ላይ የደረሰ ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ የፖስት ማጥፊያ ምን ዋስትና አለው?

ሌባው ባይኖርበት እንኳ መሣሪያው ራሱ ይሳሳታል። ብዙዎቹ የማጥፊያውን ቁልፍ የሚያገኙት በላዩ በተጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ፌስቡካችሁ በአማርኛ ከሆነ ወይ ቆመው ይቀራሉ ወይ ሌላ ነገር ይጫናሉ። ፌስቡክ ገጹን ትንሽ ሲቀይር ይበላሻሉ። በፍጥነት ሲጫኑ ደግሞ ፌስቡክ ሮቦት ነው ብሎ ይጠረጥርና አካውንቱን ለጊዜው ያግዳል። በፌስቡክ ለሚነግድ ሰው ይህ የገበያ ቀን መክሰር ነው።

ስልክ ላይ ደግሞ በቴሌግራም የሚላኩ የኤፒኬ ፋይሎች አሉ። እነዚህ ፌስቡክ የሚመስል ገጽ አምጥተው ፓስወርድ ይጠይቃሉ፣ ወይም በስልኩ ሴቲንግ «Accessibility» ፈቃድ እንድትሰጧቸው ይለምናሉ። ያን ፈቃድ ያገኘ አፕ ስክሪናችሁ ላይ ያለውን ሁሉ ያነባል፣ በእናንተ ፋንታም ይጫናል። የባንክ አፕም እዚያው ስልክ ላይ እንዳለ አስቡት።

አንዳንዱ «ይህን ኮድ ቀድተህ ኮምፒውተርህ ላይ F12 ተጫንና ለጥፍ» ይላል። ፌስቡክ እዚያ ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደል «Stop!» ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው። ኮዱን ማንበብ የማይችል ሰው መለጠፍ የለበትም።

ስልካችሁን «አጽዳልኝ» ብላችሁ ለሌላ ሰው ትታችሁ መሄድም ያው ነው። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል። ግን አካውንታችሁ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ ቀርቶ እንደሆነ አታውቁም።

ቀድሞ ተጭኖ ከሆነ

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ጭናችሁ ከሆነ መጀመሪያ ምልክቱን እዩ። ያልላካችሁት መልእክት ተልኳል? የማታውቁት ገጽ ላይክ ተደርጓል? በሌሊት የመግቢያ ማሳወቂያ መጥቷል? የምታስተዳድሩት ገጽ ካለ ያላዘዛችሁት ማስታወቂያ አለ? ምልክት ባይኖርም የሚከተለውን ሥሩ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

መጀመሪያ ኤክስቴንሽኑ ይውጣ። በክሮም አድራሻ መጻፊያው ላይ ይህን ጻፉ፦

```
chrome://extensions
```

የማታውቁትን ሁሉ በ«Remove» አስወግዱ። ሳያስወግዱ እንዳይሠራ ብቻ ዘግቶ መተው አይበቃም። በጉግል አካውንታችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይም ክሮም ከከፈታችሁ ኤክስቴንሽኑ ወደዚያም ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል እዚያም እዩ። በስልክ ከሆነ አፑን አራግፉ።

ፓስወርዱን የምትቀይሩት ከዚህ በኋላ ነው። ኤክስቴንሽኑ ሳይወጣ ከቀየራችሁ አዲሱንም አብሮ ያየዋል። የኢሜይላችሁ ፓስወርድ ከፌስቡኩ ጋር አንድ ከነበረ እሱንም ቀይሩ።

ቀጥሎ የተወሰደ ኩኪ ካለ እንዳይሠራ ማድረግ ነው። «Accounts Center» ውስጥ «Password and security» ግቡና «Where you're logged in» ክፈቱ። የገባችሁባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ከቦታቸው ጋር ይደረደራሉ። ቦታው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ደብረ ብርሃን ሆናችሁ አዲስ አበባ ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ በዚህ አትደንግጡ። ይልቅ የመሣሪያውን ዓይነት ተመልከቱ። በእጃችሁ ካለው ስልክ በቀር ሁሉንም መርጣችሁ አስወጡ። በዚያን ጊዜ የተቀረጸው ኩኪ ዋጋ ያጣል።

በመጨረሻ ሦስት ቦታ ፈትሹ። የተመዘገበው ኢሜይልና ስልክ የእናንተ ብቻ መሆኑን እዩ፤ ሌባ ተመልሶ የሚገባው የራሱን ኢሜይል ጨምሮ ነው። በሴቲንግ «Apps and websites» ውስጥ የማታውቁት ካለ አውጡት። ገጽ የምታስተዳድሩ ከሆነ ደግሞ የገጹን አስተዳዳሪዎች ዝርዝር ክፈቱና ያልጨመራችሁት ስም ካለ ወዲያው አንሱት።